መስመራችሁ የት ነው ያለው? ከሲም ካርድ እስከ ኢሲም፣ የአንድ ምስጢር ታሪክ

አንድ ሰው ድንገት "የስልክ መስመርህ የት ነው ያለው?" ብሎ ቢጠይቃችሁ ምን ትመልሳላችሁ? አብዛኞቻችን ሲም ካርዷን አውጥተን "ይኸው፣ ቁጥሬ እዚች ውስጥ ነው" ማለታችን አይቀርም። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። ስልክ ቁጥራችሁ ከእናንተ ጋር የተሳሰረው ኦፕሬተሩ ዘንድ ባለ መዝገብ ላይ ነው። ካርዷ የምትጠብቀው ሌላ ነገር ነው፤ እናንተም ሆናችሁ ስልካችሁ አይታችሁት የማታውቁት አንድ ምስጢር።

የሲም ታሪክ በአጭሩ ያንን ምስጢር የት እናስቀምጠው፣ እንዴትስ እናጓጉዘው የሚል ታሪክ ነው። ይሄ ከገባን ኢሲም ከካርዱ በምን እንደሚለይ፣ መስመር ወደ ሌላ ቀፎ ሲዛወርም ምን እንደሚሆን ለማወቅ ብዙ አንቸገርም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቀፎውና መስመሩ አንድ በነበሩበት ዘመን

በ1980ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ይሠሩ የነበሩት የሞባይል ስልኮች ሲም የሚባል ነገር አልነበራቸውም። መስመሩ ቀፎው ውስጥ ይጻፋል። እያንዳንዱ ቀፎ ከፋብሪካ ይዞት የሚወጣ መለያ ቁጥር አለው፤ ሻጩ ደግሞ የደንበኛውን ስልክ ቁጥር እዚያው ቀፎ ላይ ይሞላለታል። ስልክ መቀየር የፈለገ ሰው አዲሱን ቀፎ ይዞ ወደ ሱቅ ይሄዳል፣ ባለሙያው ቁጥሩን አዲሱ ላይ እስኪሞላለት ይጠብቃል።

ችግሩ ግን ከዚህም ይብሳል። ስልኩ መደወል ሲፈልግ ሁለቱንም ቁጥሮች፣ መለያውንም ስልክ ቁጥሩንም፣ ምንም ሳይሸፍን በአየር ላይ ይልካቸዋል። ኔትወርኩም "ይሄ የእገሌ ስልክ ነው" ብሎ ያምናል። ታዲያ ሌቦች መኪና በሚበዛበት መንገድ ዳር የሬዲዮ መቀበያ ይዘው ይቆሙ ጀመር። ያለፈውን ስልክ ቁጥሮች ይቀዱና ሌላ ቀፎ ላይ ይሞሏቸዋል። በወሩ መጨረሻ ባለመስመሩ ያልደወለው ጥሪ ሒሳብ ይመጣለታል። ለኔትወርኩ ሁለቱ ስልኮች ቁርጥ አንድ ዓይነት ናቸው፤ የሚለይበት አንዳች መንገድ የለውም።

ከዚህ አንድ ትምህርት ተገኘ። ማንነትህን የምታስረዳው ምስጢርህን ጮክ ብለህ በመናገር ከሆነ፣ የሰማህ ሁሉ አንተን መሆን ይችላል።

የመጀመሪያዎቹ 300 ካርዶች

በዚያው ዘመን የአውሮፓ አገሮች ጂኤስኤም የተባለውን የጋራ የሞባይል ሥርዓት እያዘጋጁ ነበር። መሐንዲሶቹ መስመሩን ከቀፎው ለመነጠል ወሰኑ። የደንበኛው ማንነት ቺፕ ባላት ካርድ ላይ ይሁን፤ ቀፎው ደግሞ ካርዷ የምትገባበት ባዶ ዕቃ ይሁን አሉ። በዚያ ጊዜ ብዙው የሞባይል ስልክ መኪና ላይ የሚገጠም ስለነበር፣ ሰው ካርዱን በኪስ ቦርሳው ይዞ፣ የገባበት መኪና ስልክ ላይ ሰክቶ በራሱ ሒሳብ ይደውላል የሚል ሐሳብ ነበራቸው።

በ1991 የጀርመኑ ጊዜከ ኡንድ ዴቭሪየንት የመጀመሪያዎቹን 300 ሲም ካርዶች ራዲዮሊንያ ለተባለው የፊንላንድ ኦፕሬተር ሸጠ። በዚያው ዓመት ጁላይ 1 ቀን የቀድሞው የፊንላንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ሃሪ ሆልኬሪ ለታምፔሬ ከተማ ምክትል ከንቲባ ለካሪና ሱኦኒዮ በጂኤስኤም ደወሉላቸው። ያ ጥሪ በንግድ ኔትወርክ ላይ የተደረገ የመጀመሪያው የጂኤስኤም ጥሪ ተብሎ ይታወሳል።

ካርዷ ያኔ እንደ ባንክ ካርድ ትልቅ ነበረች፤ 85.6 በ54 ሚሊሜትር ገደማ። ከዚያ 25 በ15 ሆነች። በ2010 ወደ 15 በ12፣ በ2012 ደግሞ ወደ 12.3 በ8.8 ሚሊሜትር ወረደች። ከመጀመሪያዋ ጋር ስትነጻጸር ስፋቷ ከ40 ጊዜ በላይ አንሷል ማለት ነው። የተቆረጠው ግን በአብዛኛው ፕላስቲኩ ነው። ሞባይል ቤት ያለው ልጅ በመቁረጫው "ቀጭ" አድርጎ ትልቋን ካርድ ትንሽ ሲያደርጋት መስመሩ የማይሞተውም ለዚህ ነው፤ ምስጢሩ ያለው መሐል ላይ ባለችው ደቃቅ ቺፕ ነው።

ምስጢሩን ሳይናገሩ ማወቅን ማስረዳት

አሁን ወደ ዋናው ብልሃት እንግባ። ሲም ካርዷ ውስጥ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው እስከ 15 አሃዝ የሚደርስ የደንበኛ መለያ ነው፤ የኢትዮጵያ መስመር ከሆነ በ636 ይጀምራል። ይሄ ምስጢር አይደለም፣ ኔትወርኩ ይጠይቀዋል። ሁለተኛው ግን 128 ዜሮዎችና አንዶች የተደረደሩበት ቁልፍ ነው። የዚህ ቁልፍ ቅጂ ያለው ሁለት ቦታ ብቻ ነው፦ ካርዷ ውስጥና ኦፕሬተሩ ዘንድ። ካርዷ ይህን ቁልፍ ለማንም፣ ለገባችበት ስልክም ቢሆን፣ አውጥታ እንዳትሰጥ ተደርጋ ነው የተሠራችው።

ታዲያ ካልተናገረችው በምን ታስረዳለች? በሒሳብ ነው። እስቲ ትንሽ ምሳሌ እንሥራ። ምስጢሩ 37 ነው እንበል። ኔትወርኩ አንድ የዘፈቀደ ቁጥር ይልካል፣ 52 ይሁን። ካርዷ 52 ን በ37 ታባዛና 1924 ታገኛለች፤ የምትመልሰው ግን የመጨረሻዎቹን ሁለት አሃዞች ብቻ ነው፣ 24። ኔትወርኩም ምስጢሩን ስለሚያውቅ ያንኑ ሠርቶ 24 ያገኛል፤ ስለዚህ "እሺ፣ አንተ ነህ" ይላል። በሌላ ጊዜ 81 ቢልክ 81 በ37 ሲባዛ 2997 ነውና መልሱ 97 ይሆናል። መንገድ ዳር የቆመው ሌባ 52 ን እና 24 ን ሰማ እንበል። ነገ ጥያቄው ሌላ ስለሚሆን የትናንቱ መልስ አይጠቅመውም።

ሒሳብ የምትወዱ ግን "ቆይ፣ ቆይ" ማለታችሁ አይቀርም። ጥያቄው 81፣ መልሱ 97 መሆኑን የሰማ ሰው ምስጢሩን ሊያወጣ ይችላል። 81 በ21 ሲባዛ 1701 ነው፣ መጨረሻው 01። ስለዚህ 97 ን በ21 ማባዛት ነው፤ 2037 ይሆናል። መጨረሻው? 37! ምስጢሩ ወጣ። የኔ ምሳሌ ደካማ የሆነው ወደ ኋላ መሄድ ስለሚቻል ነው። እውነተኛዋ ካርድ የምትጠቀመው ስሌት ወደ ኋላ እንዳይሄድ የተወሳሰበ መሆን አለበት።

የሚያስገርመው፣ እውነተኛዎቹ ካርዶች ላይም ተመሳሳይ ነገር ደርሷል። ብዙ ኦፕሬተሮች ኮምፕ128 የሚባል ስሌት ይጠቀሙ ነበር፤ አሠራሩም በምስጢር የተያዘ ነበር። በ1998 ማርክ ብሪሴኖ፣ ኢያን ጎልድበርግና ዴቪድ ዋግነር ስሌቱን አጥንተው ቀዳዳ አገኙበት። ካርዷን በእጃቸው ይዘው 150 ሺህ ያህል በጥንቃቄ የተመረጡ ጥያቄዎችን ሲያቀርቡላት፣ ከመልሶቹ ቁልፉን ማውጣት ቻሉ። ሥራው 8 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ከዚያ በኋላ ኦፕሬተሮች ወደ ጠንካራ ስሌቶች ተሸጋገሩ። ሐሳቡ ግን እስከ ዛሬ አልተቀየረም፤ ኢሲምም የሚሠራው በዚሁ ጥያቄና መልስ ነው።

ምስጢሩ መንገድ ላይ ሲሆን

አሁን አንድ ሌላ ጥያቄ ይመጣል። ቁልፉ ካርዷ ውስጥና ኦፕሬተሩ ዘንድ ብቻ ካለ፣ መጀመሪያ ሁለቱም ጋ እንዴት ደረሰ? በካርድ ዘመን መልሱ ቀላል ነው። የካርዱ ፋብሪካ ቁልፉን ቺፑ ላይ ይጽፋል፣ ካርዶቹን በካርቶን ይልካል፣ የቁልፎቹን ዝርዝር ደግሞ በኮምፒውተር ፋይል ለኦፕሬተሩ ያደርሳል።

ይሄ ጉዞ የሥርዓቱ ደካማ ጎን ነበር። በፌብሩዋሪ 2015 ዘ ኢንተርሴፕት የተባለው የዜና ድረ ገጽ፣ ኤድዋርድ ስኖውደን ካወጣቸው ሰነዶች በመነሳት፣ የአሜሪካና የእንግሊዝ የስለላ ድርጅቶች ከፋብሪካ ወደ ኦፕሬተሮች የሚላኩ የሲም ቁልፎችን ለመጥለፍ መንቀሳቀሳቸውን ዘገበ። የተጠቀሰው ትልቁ የካርድ አምራች ጌማልቶ ምርመራ አድርጎ፣ ጥቃቱ በ2010 እና በ2011 ሳይደርስ እንዳልቀረ፣ ነገር ግን የተነካው የቢሮ ኔትወርኩ ብቻ እንደሆነና ቁልፎች በጅምላ እንዳልተሰረቁ ገለጸ። ማንም ይሁን ትክክል፣ ነጥቡ ግልጽ ነው፤ ስሌቱን መስበር ካቃተህ ቁልፉን መንገድ ላይ ጠብቀው።

ኢሲም የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ሰው ኢሲምን "ሲም የሌለው ስልክ" ወይም "አፕ" አድርጎ ያስበዋል። አይደለም። ቺፑ አለ፤ ስልኩ ውስጥ ቦርዱ ላይ ተበይዶ የተቀመጠ ነው። ከፋብሪካ ሲወጣ ግን የማንም ደንበኛ ምስጢር የለበትም። የደንበኛው መለያና ቁልፍ ፕሮፋይል በሚባል ጥቅል ሆነው በኋላ በኢንተርኔት ይገቡበታል።

ሐሳቡ የመጣው ከስልክ ሳይሆን ከማሽኖች ነው። መኪና፣ የመብራት ቆጣሪ፣ የሽያጭ ማሽን፣ ሁሉም ኔትወርክ ይፈልጋሉ። መኪና ውስጥ ያለ ካርድ በንዝረት ሊላቀቅ ይችላል። ኦፕሬተር ለመቀየር ደግሞ በየአገሩ የተበተኑ ሺህ መኪናዎችን እየከፈቱ ካርድ መለወጥ የማይታሰብ ነው። ስለዚህ ቺፑ ይበየድ፣ ምስጢሩ ከርቀት ይግባ ተባለ። በ2016 የኦፕሬተሮች ማኅበር የሆነው ጂኤስኤምኤ ለተራ ተጠቃሚዎች የሚሆን ደንብ አወጣ። በዚያው ዓመት በሳምሰንግ የእጅ ሰዓት፣ በ2017 በጉግል ፒክስል 2፣ በ2018 ደግሞ በአይፎን ላይ ሥራ ጀመረ። በ2022 አሜሪካ ውስጥ የተሸጠው አይፎን 14 የካርድ ማስገቢያውን ጭራሹን ተወው።

ታዲያ ምስጢርን በኢንተርኔት መላክ እብደት አይደለም? ካልተጠነቀቁ አዎ። ለዚህ ነው እያንዳንዱ የኢሲም ቺፕ 32 አሃዝ ያለው የራሱ መለያና፣ ከፋብሪካ የተሰጠው የመታወቂያ ሰርተፍኬት ያለው። ፕሮፋይሉን የያዘው ሰርቨርም የራሱ ሰርተፍኬት አለው። መጀመሪያ ሁለቱ መታወቂያ ይተያያሉ። ከዚያ ለዚያች አንድ ጉዞ ብቻ የሚሆን መቆለፊያ በጋራ ይፈጥራሉ፣ ፕሮፋይሉም በዚያ ተቆልፎ ይላካል። መሐል ላይ ያለው ዋይፋይም ሆነ የስልኩ ሶፍትዌር የሚያየው የተቆለፈውን ሣጥን ብቻ ነው። የሚከፈተው ያ አንዱ ቺፕ ውስጥ ነው።

ከዚህ አንድ ትልቅ ውጤት ይከተላል። ለአንድ ቺፕ የተቆለፈ ፕሮፋይል ለሌላ ቺፕ ቆሻሻ ነው። ካርድ እንደሚነቀለው ነቅላችሁ ሌላ ስልክ ላይ ልትሰኩት አትችሉም።

መስመርን ማዛወር፦ አንድ ምሳሌ

በካርድ ዘመን ማዛወር ማለት ምስጢሩን ከነቤቱ ተሸክሞ መሄድ ነው። አሮጌውን ስልክ ታጠፋላችሁ፣ ካርዷን ታወጣላችሁ፣ አዲሱ ላይ ትሰካላችሁ፣ አለቀ። ኦፕሬተሩ ምንም ማድረግ የለበትም። ሊያስቸግሩ የሚችሉት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ፒን ነው፤ ካርዷ ፒን ካላት ሦስት ጊዜ ከተሳሳታችሁ ትቆለፍና ፑክ ትጠይቃለች። ሌላው ቀፎው ለአንድ ኦፕሬተር ብቻ ተቆልፎ የተሸጠ ከሆነ የሌላውን ካርድ አይቀበልም።

በኢሲም ግን የሚዛወረው ምስጢሩ ሳይሆን መብቱ ነው። አሮጌው ፕሮፋይል ይሞታል፣ ለአዲሱ ቺፕ የተዘጋጀ ፕሮፋይል ይወርዳል፣ ኦፕሬተሩም መዝገቡ ላይ "ይህ ስልክ ቁጥር ከአሁን በኋላ የዚህ ነው" ብሎ ያስተካክላል። ቁጥራችሁ የማይቀየረው ለዚህ ነው፤ መጀመሪያውኑ እዚያ መዝገብ ላይ እንጂ ቺፑ ላይ አልነበረም።

አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አዲስ ስልክ ገዛች እንበል። አሮጌው ላይ ኢሲም አላት፤ የባንክና የቴሌግራም የማረጋገጫ ኮዶቿም የሚመጡት በዚያ ቁጥር ነው። መጀመሪያ አዲሱ ስልክ ላይ ይህን ትደውላለች፦

```
*#06#
```

ከሚመጡት ቁጥሮች መሐል `EID` የሚል ባለ 32 አሃዝ ካለ ስልኩ የኢሲም ቺፕ አለው ማለት ነው። ከሌለ እዚህ ላይ መቆምና ኦፕሬተሩን ወደ ካርድ እንዲመልስላት መጠየቅ አለባት። ቀጥሎ አዲሱን ስልክ ከዋይፋይ ጋር ታገናኛለች። ፕሮፋይሉ የሚወርደው በኢንተርኔት ነው፤ አዲሱ ስልክ ግን ገና መስመር ስለሌለው ዳታም የለውም። ብዙ ሰው የሚደናቀፈው እዚህች ቀላል ነገር ላይ ነው።

ከዚህ በኋላ ሁለት መንገድ አለ። ሁለቱም ስልኮች አይፎን ከሆኑና ኦፕሬተሩ ከፈቀደ፣ ሁለቱን አቀራርባ `Add eSIM` ከዚያም `Transfer From Nearby iPhone` የሚለውን ትመርጣለች። እዚህ ላይ ፕሮፋይሉ ከስልክ ወደ ስልክ የሚተላለፍ ይመስላል፤ ግን አሮጌው ስልክ የሚያደርገው "ባለቤቷ እሷ ናት" ብሎ መመስከር ነው፣ ፕሮፋይሉ የሚመጣው ከሰርቨሩ ነው። ኦፕሬተሩ ይህን የማይሰጥ ከሆነ ሁለተኛው መንገድ ይቀራል። መታወቂያዋን ይዛ ወደ ኦፕሬተሩ ትሄዳለች ወይም በአፑ ትጠይቃለች፣ አዲስ ኪውአር ኮድ ትቀበላለች። ኮዱ ሲነበብ ውስጡ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ነው፦

```
LPA:1$smdp.example.com$AB12-CD34-EF56
```

መሐል ላይ ያለው ፕሮፋይሉ የተቀመጠበት ሰርቨር አድራሻ ነው፤ መጨረሻው ደግሞ ከዕቃ ማስቀመጫ እንደሚሰጥ ደረሰኝ ነው። እዩት፣ ምስጢሩ ኪውአር ኮዱ ላይ የለም። ግን ደረሰኙን ቀድሞ ያቀረበ ዕቃውን ይወስዳል፤ ስለዚህ ፎቶ አንስቶ ለሰው መላክ አደገኛ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ኮዱ የሚሠራው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የዛሬ ዓመት መስመሩን ስትከፍት የተጠቀመችበትን ኮድ አሁን ብታነብበው ስልኩ "አልተቻለም" ይላታል፤ ስልኩ ተበላሽቶ ሳይሆን ዕቃው ቀድሞ ስለወጣ ነው።

መሳካቱን በምን ታውቃለች? አሮጌው ስልክ ኔትወርኩን ያጣል፤ አዲሱ ላይ የኦፕሬተሩ ስም ይመጣል። ያ ብቻ አይበቃም። ሰው ይደውልላት፣ እሷም ትደውል፣ አንድ የማረጋገጫ ኮድም በቴክስት ይምጣላት። ሦስቱም ከሠሩ በኋላ ብቻ ነው አሮጌውን ፕሮፋይል ማጥፋት ያለባት።

ቅደም ተከተሉን መገልበጥ በኢሲም ላይ ዋናው አደጋ ነው። አሮጌውን ስልክ ለመሸጥ ቸኩሎ ሁሉን ነገር ሲያጠፋ፣ ስልኩ "ኢሲሙንም ልሰርዘው?" ይላል፣ ሰውየውም ሳያነብ እሺ ይላል። ያኔ ምስጢሩ ጠፋ፤ ከየትም መልሶ መጫን አይቻልም። ቁጥሩ ግን መዝገቡ ላይ ስላለ ኦፕሬተሩ አዲስ ፕሮፋይል ይሰጣል፤ ማንነትን በአካል ማረጋገጥ ግን ሊጠይቅ ይችላል። ለዚህ ነው ከአገር ለመውጣት የተዘጋጀ ሰው ስልኩን የሚቀይር ከሆነ አገር ቤት እያለ መስመሩን ቢያዛውር የሚሻለው። ዱባይ ወይም ዋሽንግተን ሆኖ ለአዲስ አበባው መስመር በአካል መቅረብ አይቻልማ።

ስልክ ወድቆ ሲሰበርም ልዩነቱ ይታያል። ካርድ ከሆነ ስክሪኑ ቢጠፋም ካርዷን አውጥታችሁ በሌላ ቀፎ ትቀጥላላችሁ። ኢሲም ከሆነ በር የተቆለፈበት ክፍል ውስጥ እንደቀረ ዕቃ ነው፤ ኦፕሬተሩ ዘንድ መሄድ ግድ ይላል። በሌላ በኩል ስልክ የሰረቀ ሰው ካርድን ነቅሎ ይጥላል፣ ወይም ሌላ ቀፎ ላይ ሰክቶ ፒን ከሌላት ኮዶቻችሁን ይቀበላል። ኢሲምን ግን መንቀል አይችልም።

ሒሳቡ የማይደርስበት ቦታ

ቺፑ ጠንካራ፣ ጉዞውም የተቆለፈ ከሆነ ሌባው የት ይሄዳል? ወደ መዝገቡ። በካርድም ሆነ በኢሲም፣ ኦፕሬተሩን "ባለቤቱ እኔ ነኝ፣ ስልኬ ጠፍቶብኝ ነው" ብሎ ማሳመን የቻለ ሰው ቁጥሩን ወደ ራሱ ቺፕ ያዞረዋል። ቁልፋችሁን አልሰረቀም፤ የናንተን ቁልፍ ዋጋ ቢስ አደረገው። በኦገስት 2019 የትዊተር መሥራችና የወቅቱ ኃላፊ ጃክ ዶርሲ ገጽ ላይ የሌሎች ሰዎች ጽሑፍ የወጣው ስልክ ቁጥራቸው በሌላ ሰው እጅ ስለገባ ነበር።

ምልክቱ አንድ ነው፦ ሌላው ሰው ኔትወርክ እያለው የናንተ ስልክ ብቻ ድንገት መስመሩን ያጣል፣ አጥፍታችሁ ብታበሩትም አይመለስም። መስመራችሁን ስታዛውሩ አሮጌው ስልክ የሚያሳየው ምልክትም ይኸው ነው። እናንተ ካላዛወራችሁት ሌላ ሰው አዛውሮት ሊሆን ይችላልና፣ በሌላ ስልክ ለኦፕሬተሩ፣ ቀጥሎም ለባንካችሁ በዚያው ሰዓት ደውሉ።

በ1980ዎቹ ሌባው መንገድ ዳር ቆሞ አየሩን ያዳምጥ ነበር። ዛሬ የሚቆመው የኦፕሬተሩ መስኮት ፊት ነው።